ሁለተኛውን መልእክት ማን ጻፈው

በልብስ እጥበቱ ድርጅት ውስጥ «አራሚዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሻጩ ነው። ለማሾፍ ብሎ ያወጣው ነበር፤ ተለጥፎባት ቀረ።

እዚያ ከመቀጠሯ በፊት በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ለዓመታት እንግዳ ተቀባይ ሆና ሠርታለች። ያ ሥራ መጠርጠርን አስተማራት። ደውሎ «ዶክተሩ በደንብ ያውቁኛል» የሚል ሰው ዶክተሩ አይተውት የማያውቁት ነው። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ያለ ደግሞ ግማሽ ቀን ይበላል። ሐኪሙ አርጅተው ቤቱን ሲዘጉ ሥራ ፈታች፤ ያን ጊዜ ነው ልብስ እጥበቱ የቀጠራት።

ድርጅቱ የእንግዳ ማረፊያዎችንና የክሊኒኮችን አንሶላ፣ ፎጣና ጋውን ያጥባል። ማሽኖቹ ምድር ቤት ናቸው፤ ቢሮው ከላያቸው ነው። ማሽኖቹ ሲጨምቁ ወለሉ ይርገፈገፋል፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ ሳይነኩት እየተንሸራተተ ጠርዝ ይደርሳል። እሷ ስልክ ትመልሳለች፣ የገባና የወጣ ልብስ ትመዘግባለች። ባለቤቱን ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። ሻጩን ደግሞ «ጥይቱ» ይሉታል፤ ሲናገርም ሲጽፍም ይተኩሳልና።

አንድ ቀን ጋሼ ጠሯት።

«እስቲ ይሄን እዪልኝ» አሏት ስልካቸውን ገፋ አድርገው። «ለስንት ድርጅት ልከን አንድም ደንበኛ አላገኘን። የሰደበን ግን ሞልቷል።»

መልእክቱን ጥይቱ ነው የጻፈው። እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ውዴ!!! አንሶላሽ ቆሽሾ ተጨንቀሻል? አትጨነቂ እኛ አለንልሽ! ባለፈው እንደተነጋገርነው ልዩ ቅናሹ ዛሬ ያበቃል። አሁኑኑ ካልደወልሽ ይቆጭሻል!!!»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ጥይቱ ዞር አለች። «ባለፈው ያነጋገርከው ማንን ነው?»

«ማንንም» አለ ጥይቱ ሳያፍር። «እንደዚያ ሲባሉ ግራ ይገባቸውና ‹መቼ ተነጋገርን› ብለው ይመልሳሉ። ከመለሱ ተያዙ ማለት ነው።»

«ቅናሹስ ዛሬ ያበቃል?»

«ነገም ዛሬ ነው።»

ጋሼ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። እንግዳ ተቀባይ በነበረችበት ጊዜ እንዲህ ያለ መልእክት በየቀኑ ይደርሳት ነበር። አንዱንም ጨርሳ አንብባ አታውቅም።

«አስተካክዪው» አሏት ጋሼ።

የመጀመሪያ ሙከራዋ አላማረም። ከጥይቱ ጽሑፍ ለመሸሽ ስትል ሌላ ገደል ገባች። «በቅድሚያ ከፍ ያለ አክብሮታችንንና ልባዊ ሰላምታችንን በታላቅ ትሕትና እያቀረብን» ብላ ጀመረች፣ ስለ ድርጅቱ ታሪክ አተተች፣ ስለ ንጽሕና ጥቅም ሰበከች። ማታ ለእናቷ አነበበችላቸው። እናቷ የማያውቁት ቁጥር ከደወለ የማያነሱ፣ በር ቢንኳኳ በመስኮት አይተው ብቻ የሚከፍቱ ሴት ናቸው። ቀሚስ እየጠቀሙ አዳመጧትና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«ምን ልበደር ነው የምትይው?» አሉ።

«ልበደር አላልኩም፣ እማዬ። ልብስ እንጠብላችሁ ነው።»

«ታዲያ እሱን አትይም? ሰው እንዲህ ከጎነበሰ ወይ ሊበደር ነው ወይ ሊሰርቅ። ማን ነሽ? ስልኬን ከየት አመጣሽው? ምን ፈለግሽ? ይቺን ንገሪኝና ሂጂልኝ።»

እዚያው ቁጭ ብላ ቆራረጠችው። በመጨረሻ የቀረው፣ ስሟንና የድርጅቱን ስም ካስቀደመች በኋላ፣ ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ስልክዎን ያገኘሁት ክሊኒኩ በር ላይ ካለው ሰሌዳ ነው። የክሊኒኮችን ጋውንና አንሶላ ወስደን፣ አጥበንና ተኩሰን በማግስቱ እናስረክባለን። ስለ አሠራራችን ሊሰሙ ከፈለጉ የሚመችዎን ሰዓት ይንገሩኝ። ካላስፈለገዎ ‹አያስፈልግም› ቢሉኝ ይበቃል፤ ዳግም አልጽፍልዎም። አመሰግናለሁ።» ለእንግዳ ማረፊያዎች ስትልክ ጋውኑን በፎጣ ተካች፤ ስልኩን ከየት እንዳገኘችውም እንደየቦታው እውነቱን ጻፈች።

እናቷ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። «ይቺን እንኳ በሩን ገርበብ አድርጌ አነጋግራታለሁ» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ጋሼ ግን ፊታቸውን አጨፈገጉ። «‹አያስፈልግም በሉኝ› ብሎ የሚጽፍ ሻጭ የት አየሽ? እምቢታን ራስሽ ታጎርሻቸዋለሽ?»

«እምቢ ማለት የቀለለው ሰው አይፈራም፣ ጋሼ። ካልፈራ ያነባል።»

«ይሁን፣ እናያለን» አሉ። ስትወጣ ግን ዓይናቸው ጀርባዋን ተከትሎ እስከ በሩ ሸኛት።

መልስ መምጣት ጀመረ። አብዛኛው «አያስፈልግም፣ አመሰግናለሁ» የሚል ነበር። በቃሏ መሠረት እነዚያን ከዝርዝሯ ሰረዘች። ሲሰረዙ ያየው ጥይቱ ጋሼ ጆሮ ሥር ቃል ጣለ። «ደንበኛ የምትሰርዝ ጸሐፊ አይቼ አላውቅም። የሌላ እጥበት ቤት ሰው ብትሆንስ? ደግሞ የምትጽፈውን በግል ስልኳ ለሆነ ሰው ትልካለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ።» መላኳ እውነት ነው፤ ተቀባይዋ እናቷ ነበሩ። እሷ ይህን ወሬ አልሰማችም። የሰማችው ነገር ቢኖር ወደ ቢሮው ስትገባ ወሬው ድንገት ሲቋረጥ ነው።

ከዚያ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። በጎ የመለሱ ሰዎች ጀርባቸውን መስጠት ያዙ። የአንድ እንግዳ ማረፊያ ኃላፊ «በሚቀጥለው ሳምንት ላነጋግርሽ» ብሎ ነበር፤ ስትደውልለት ዘጋባት። አንዲት የክሊኒክ ዋና ነርስ «ሰኞ ከሰዓት ይመቸኛል» ብለው ጽፈው ነበር፤ እሑድ «ሁለተኛ እንዳትጽፉልኝ» የሚል መልእክት ከእሳቸው ደረሳት።

ምን አጠፋሁ ብላ የላከችውን ደጋግማ አየች። ምንም አላገኘችም። ያኔ ዓይኗ ጥይቱ ላይ አረፈ። ከኋላዋ የራሱን መልእክት እየላከ ሥራዋን እያበላሸ ነው ብላ ጠረጠረች። ስልኩን ሲያነሳ ታየዋለች፤ እሱም ስልኳን ስታነሳ ያያታል። ድመትና አይጥ በአንድ ቢሮ ዋሉ፤ ማን ድመት ማን አይጥ እንደሆነ ግን ሁለቱም አላወቁም።

ጥርጣሬው ሲያንገበግባት ክሊኒኩ ድረስ ሄደች። ዋና ነርሷን ኮሪደር ላይ አገኘቻቸው፤ ማን መሆኗን ስትነግራቸው ፊታቸው ተቋጠረ።

«አትጻፉ ብል ጭራሽ በአካል መጣችሁ?»

«ልሸጥልዎ አልመጣሁም፣ ሲስተር። ምን እንዳስቀየምኩዎ ልጠይቅና ልሂድ።»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ ስልካቸውን ከጋውናቸው ኪስ አወጡ። «ያንቺ መልእክት ጨዋ ነው። ግን በማግስቱ ይሄ መጣ። ድርጅቱ አንድ፣ ቁጥሩ ሌላ። እናንተ አንድ ናችሁ ወይስ ሁለት? አንዱ እያባበለ አንዱ የሚያስፈራራ ሌባ መሰላችሁኝ።»

አነበበችው። «እህቴ፣ መልእክታችን ደርሶሽ ምነው ዝም አልሽ? ሥራ ቢበዛብሽም ለመመለስ አንድ ደቂቃ አይጠፋም። ሌሎች ክሊኒኮች ቀድመውሻል፣ ኋላ እንዳይቆጭሽ።»

አጻጻፉ የጥይቱን ይመስላል። ቁጥሩ ግን የእሱ አይደለም። ደመወዟን ለመጠየቅ፣ ስታረፍድ ለማስፈቀድ የምትደውልበት ቁጥር ነው። የጋሼ ነው።

«ይቅርታ፣ ሲስተር። ከእኛው ቤት ነው» አለች። ሰበብ አልጨመረችም።

ስትመለስ በቀጥታ ወደ ጋሼ አልገባችም። ጥይቱ ልብስ ማስረከቢያው ጋ ቆሞ ነበር። «እኔ አንተን ጠርጥሬህ ነበር» አለችውና ያየችውን ነገረችው።

ጥይቱ መጀመሪያ ተቆጣ። «እኔም አንቺን» አለ ንዴቱ ሲበርድ። «ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ። የሌላ ቤት ሰላይ ናት ብዬ።»

«ለማን እልካለሁ ብለህ ነው?»

«እኔ እንጃ። ለማን ትልኪ ነበር?»

«ለእናቴ።»

ጥይቱ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። የሳቀ ይሁን ያፈረ አልታወቃትም። አብረው ወደ ላይ ወጡ።

ጋሼ አልካዱም። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ታዲያስ? ድርጅቱ የኔ ነው። እናንተ ልካችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ትቀመጣላችሁ። እኔ ዝም ሲሉኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። የናቁኝ ነው የሚመስለኝ።»

«ሲስተር እኮ አልናቁዎትም» አለች በቀስታ። «ሰኞ እንነጋገር ብለው ነበር። እርስዎ ቅዳሜ ጻፉላቸው።»

«ሰኞ ብላ ነበር?»

«ብለው ነበር። ነግሬዎት ነበር፣ ጋሼ።»

«ነግረሽኛል» አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ? አላመንኩሽም። ሌላ ቤት ልትወስጃት መስሎኝ ነው የተሽቀዳደምኩት።»

ጥይቱ ጫማውን ማየት ጀመረ። አራሚዋ ተቆጥታ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ጥላ መሄድ አማራት። ግን ደግሞ እሷም አንድ ንጹሕ ሰው ስትከታተል ነው የሰነበተችው። ቁጣዋን ዋጥ አደረገች።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ቁጥር ብቻ ነው የምንጽፈው» አለች። «የላክነውንም የመጣውንም መልስ ሦስታችንም እናያለን። ያልመለሰን ሰው ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ በጨዋ ቃል እናስታውሰዋለን፤ ከዚያ እንተወዋለን።»

ጋሼ በግንባራቸው እሺ አሉ። በአፋቸው አላሉም።

የይቅርታውን መልእክት ሦስቱ አብረው ጻፉት። ጥይቱ «ለተፈጠረው አነስተኛ አለመግባባት» ብሎ ሊጀምር ሲል ጋሼ ራሳቸው አስቆሙት። «አለመግባባት አይደለም፣ እኔ ነኝ» አሉ። የተላከው እንዲህ ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ከድርጅታችን ሁለተኛ መልእክት ደርሶዎታል። የጻፍኩት እኔ የድርጅቱ ባለቤት ነኝ፤ አጻጻፌ አግባብ አልነበረም። ይቅርታ እጠይቃለሁ። መልስ አይጠበቅብዎትም።»

የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ አልመለሰም። ዋና ነርሷ ግን ከቀናት በኋላ ጻፉ። ጋውኑን አልሰጡም፤ የመኝታ ክፍሎቹን መጋረጃዎች ብቻ እንዲወስዱ ፈቀዱ። «ሲመለሱ አይቼ እወስናለሁ» የሚል ከሥሩ ነበረበት።

መጋረጃዎቹን ጥይቱ ራሱ ሄዶ አመጣ። አራሚዋ አንድ በአንድ ዘርግታ እድፋቸውንና ቀዳዳቸውን እያየች መዘገበች፤ ኋላ «እናንተ ቀደዳችሁት» እንዳይባሉ። ጋሼ ደረጃው ላይ ቆመው ወደ ታች ሲያይዋት ቆዩና፣ እስካሁን ጥርጣሬ ባልለቀቀው ድምፅ «ደርሰውናል ብለሽ ጻፊላት እንጂ» አሏት።

«ጽፌላቸዋለሁ፣ ጋሼ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»