ስሌቱ ልክ፣ ፊደሉ ስህተት

ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሆኖም ከጅማ እስከ የቡ ባሉት የቡና መጋዘኖች ስለ እርጥበት ክርክር ሲነሳ የሚጠሩት እኔን ነው። መቶኛን ከሰው አሮጌ ደብተር ብቻዬን ተምሬ ባለ ዲግሪ አርሜያለሁ። በየቡ በኩል ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለማጠቢያ ጣቢያው የማድረቂያ ተቆጣጣሪ ሊቀጥር ሲነሳም ፈተናውን እንዳወጣ የለመነው እኔን ነው።

ጥያቄዎቹን ባለ ምርጫ አደረግኳቸው፤ ከእያንዳንዱ በታች ምክንያት መጻፊያ ቦታ ተውኩ። ለፊደሉ አንድ፣ ለምክንያቱ ሁለት ነጥብ። ፊደሉ ቢሳሳትም ምክንያቱ ልክ ከሆነ ሁለቱ እንደሚሰጥ በወረቀቱ አናት ላይ አስጽፌያለሁ። እንዳይኮራረጁም የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል አቀያይሬ ኮድ አንድና ኮድ ሁለት አዘጋጀሁ።

ከተፈታኞቹ አንዷ ከከምባታ መጥታ በቡና ለቀማ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። ለቀማ ወቅቱ ሲያልቅ ያልቃል፤ ይህ ሥራ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ማለፊያው ስልሳ ነው። ሳርም አንድ ጥያቄ ሲቀረኝ ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ደርሳለች። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ግማሹ ውሃ የሆነ መቶ ኪሎ ቡና ውሃው አሥራ ሁለት ከመቶ እስኪሆን ቢደርቅ ስንት ኪሎ ይቀራል?

እሷ የጻፈችው፦ "ደረቁ ሃምሳ ኪሎ ነው፣ አይቀንስም። መጨረሻ ላይ ሰማንያ ስምንት ከመቶ እሱ ነው። ሃምሳ ሲካፈል ለ0.88፣ ሃምሳ ሰባት ገደማ።" በወረቀቷ ላይ ሃምሳ ሰባት "ለ" ነው። የከበበችው "ሐ"ን፣ አርባ አራትን ነው።

ሁለቱን ነጥብ ሰጠኋት። ስልሳ አንድ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አልተዋጠለትም። "ጋሼ፣ ቡናው ሲሻግትም ምክንያቴ ልክ ነበር ልትለን ነው?"

"ስሌቷን አንብበው፣" ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

ጸሐፊው ቀድሞ አጎነበሰ። ቆየት ብሎ ኮድ ሁለትን አመጣና አጠገቡ አስቀመጠ። "ሐ እኮ በዚህኛው መልሱ ነው። ጎኗ የተቀመጠው ወጣት ደግሞ ኮድ ሁለት ነበር።"

አስጠሯት።

"ስሌቱ የኔ ነው፣ አባባ፣" አለችኝ። "እሱ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ነው። ሐን ሲከብ አየሁና እኔ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ወረቀቱ እንደሚለያይ ማን ነገረኝ?"

"ወላሂ አሳዘነችኝ፣" አለ ሊቀመንበሩ። "ግን ኮርጃለች።"

ፈተናዋ ተሰረዘ። ወጣቱ ለዚያ ጥያቄ የምክንያቱን ቦታ ባዶ ትቶ በስልሳ አራት ተቀጠረ። ወረቀቱን የዘረጋሁላቸው እኔ ነኝ።

ያም ሆኖ ያደረግኩት ጥቂት አይደለም። ሁለቱን ነጥብ ከወረቀቷ ላይ አላስፋቅኩም። ስሌቷ ልክ እንደነበር በቃለ ጉባኤው ውስጥ በገዛ እጄ አሰፈርኩ። የነጥቡ ደንብ ዛሬም በፈተናው አናት ላይ አለ። ማኅበሩ ለቀማም ሲከለክላት ሰርቦ ከተማ ባለ መጋዘን በኩል የአንድ ወቅት ለቀማ አገኘሁላት። የተቀጠረውን ወጣትም ሃምሳን ለ0.88 ማካፈል በሦስት ቀን አስተማርኩት።