አምስት ሰከንድ የሚያዘገየው ስህተት

መሥሪያ ቤት «ፊደል» ይሏታል። ጋዜጣ አራሚ ሳለች አንዲት ነጥብ እንኳ አታመልጣትም ነበርና ቅጽል ስሙ ተከትሏት መጣ። ጋዜጣው ሲዘጋ የስልክ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ቀጠራት። ሥራዋ ጨዋታው በታደሰ ቁጥር የትኛው ስህተት እንደታረመ፣ የትኛው ደረጃ እንደከበደ ለተጫዋቾች መጻፍ ነው።

አብራው የምትኖረው ታላቅ ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነበር። ሕመም ቀኝ እጁን ካሰነፈው ወዲህ መስኮት ሥር ተቀምጦ በግራ አውራ ጣቱ የእህቱን ድርጅት ጨዋታ ይጫወታል፤ ጨዋታው እያንዳንዱን ሳንቃ ሳይወድቅ በጣት እየነኩ ድልድይ መሻገር ነው።

«እታለም፣ አርባኛውን ተሻገርኩ!» ያላት ቀን ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት አድርገህ?»

«ሲጨንቀኝ አቆመዋለሁ። መልሼ ሳስጀምረው ትንሽ ዝግ ይልልኛል። ለእንደኔ ዓይነቱ አስበው የሠሩት ነው።»

እሷም እውነት መሰላት።

ሰኞ ፕሮግራመሩ የእርማቱን ዝርዝር ላከላት። ሦስተኛው መስመር «ጨዋታው ቆሞ ሲቀጥል የሚዘገይበት ስህተት ታርሟል» ይላል። ተነሥታ ወደ ፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ሄደች።

«ይሄ መዘግየት ስህተት ነበር እንዴ?»

«አዎ። ጨዋታው ቆሞ ሲቀጥል ሰዓቱ ወደ ፍጥነቱ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። ብልጣ ብልጦች በዚያ ሾልከው የደረጃ ሰንጠረዡን ሞሉት።»

«ዝግ ያለ ፍጥነት እንደ ምርጫ ይግባ። እጁ የማይታዘዝለት ሰው አለ።»

«ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለዚህ እድሳት ግን አይደርስም። ነገ ጠዋት ይለቀቃል።»

ተመልሳ «ጨዋታው ይበልጥ ሚዛናዊ ሆኗል» ብላ ጻፈች። አፍራ ሰረዘችው። ከዚያ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ጨዋታው ቆሞ ሲቀጥል ለአምስት ሰከንድ ይዘገይ የነበረበት ስህተት ታርሟል። ከአርባ አንደኛው ድልድይ ጀምሮ ሳንቃ ከመውደቁ በፊት ያለው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ ወደ አንድ ተኩል ወርዷል። ቀድሞ የተሻገራችኋቸው ድልድዮች አይሰረዙም።»

በማግስቱ ከሥራ ስትገባ ስልኩ ጭኑ ላይ ነበር። ላለማደስ ሞክሮ ኖሯል፤ ሳይታደስ አልከፈት አለው።

«አነበብኩት» አላት። «ጥሩ ጽፈሻል፤ ምንም አያሻማም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ የሆነውን ነው የጻፍሽው።» ስልኩን ዘረጋላት። «እስቲ አርባ አንደኛውን አሻግሪኝ።»

በሁለት እጇ ይዛ ሞከረች። አራተኛው ሳንቃ ላይ ወደቀች። ደገመች፤ ስድስተኛው ላይ። ወንድሟ መጀመሪያ ሳቀባት፤ በኋላ ግን ጣቶቿን ይመለከት ጀመር።

«ይብቃሽ በቃ» አለ፤ ስልኩንም ተቀብሎ አጠፋው።

ዝግ ያለው ፍጥነት እንዲገባ በጽሑፍ ጠየቀች። «ታይቷል» የሚል መልስ መጣላት። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ሦስት ጊዜ ታድሷል፤ ሦስቱንም ማስታወቂያ የጻፈችው እሷ ነች። ዝርዝሩ በመጣ ቁጥር ያንን ዝግ ያለ ፍጥነት ከላይ እስከ ታች ትፈልገዋለች፤ የለም። ወንድሟም ከጨዋታው ርቆ ማስታወቂያውን ብቻ ያነባል።