«ሴት አዳሪ ነርስ እፈልጋለሁ»

ያንን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔው ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ወረታ ላይ አራት አልጋ ያላት ክሊኒክ ነበረችኝ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ብዙ ዘመን ድሬሰር ሆኜ፣ ቁስል እያጠብሁ መርፌ እየወጋሁ ሠርቼ፣ ፈቃድ አውጥቼ የከፈትኋት ናት። ቀን ቀን እኔ አለሁ። ሌሊት ግን በሽተኛ የምትጠብቅልኝ ባለቤቴ ነበረች፤ ሙያው የላት፣ ፊደል አልቆጠረች።

በሚያዝያ አንዲት አራስ ከብርድ ልብሱ ሥር ደም ሲፈሳት፣ ባለቤቴ ደክሟት ተኛች ብላ ዝም አለች። እኔ እንደ አጋጣሚ ነቅቼ ደረስሁና ማህፀኗን አሽቼ፣ መርፌ ወግቼ በስንት መከራ ተረፈች። ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። «ሰው በእጄ ሳይሞት ነርስ አምጣ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ይሞላል፣ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ የመጣ በሽተኛ ሁሉ እኛው ዘንድ ያድራል።

ጎንደር ያሉ ነርሶች በየወሩ የሚሰበሰቡበት የሙያ ማኅበር አላቸው ሲባል ሰምቼ ለእነሱ ጻፍሁ። ወላዶች ወንድ አይቅረበን ስለሚሉ ሴት መሆን አለባት፤ ሌሊቱንም እዚያው ማደር አለባት። አዳሪ ትምህርት ቤት ይባል የለም እንዴ? እኔም «ሴት አዳሪ ነርስ እፈልጋለሁ፤ መኝታና ቀለብ በእኔ» ብዬ፣ ማኅተሜን አሳርፌ ላክሁ።

አንድ ወር ሙሉ ድምፅ የለም። ደሜ ፈላ። ፖስታ ቤቱን ስሰድብ ከረምሁ። ግንቦት ሲያልቅ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ጎንደር ወጣሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ኮስታራ ነርስ ናት፤ ማን መሆኔን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ደብዳቤዬን ከመሳቢያ አውጥታ ጮክ ብለው ያንብቡት አለችኝ። ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ስደርስ ምን ብዬ እንደ ጻፍሁ ገባኝ። ለካ በስብሰባ መካከል ተነቦ ኖሯል! ያ «መኝታና ቀለብ በእኔ» ያልሁት ደግሞ ጭራሽ አባብሶታል። በዚህ ሽበቴ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ግን ተናደድሁም። ይህ ሰውዬ ምን ለማለት ነው ብሎ አንድ መስመር የሚጽፍልኝ ሰው እንዴት ይጠፋል? ይህንኑ ነገርኋት፤ የአራሷንም ነገር አጫወትኋት። ሰምታኝ ስታበቃ ብዕር ሰጠችኝ። ቃሉን ሰርዤ «የሌሊት ተረኛ» ብዬ ጻፍሁበት።

«አንዲት የእናንተው ጎረቤት፣ የደራ ልጅ ነበረች፤ አዋላጅ ናት» አለች ጸሐፊዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለአገሯ የቀረበ ሥራ ስትፈልግ ከርማ ባለፈው ሳምንት ሐረር ተቀጥራ ሄደች። ይህንን በሚመጣው ወር ስብሰባ አነብልዎታለሁ።»

የሚመጣው ወርማ ሰኔ ነው።

ወረታ ስደርስ ዝናቡ ጀምሯል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አገኘህ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ከመኪናው ብቻዬን ስወርድ አይታለች። ምጥ የያዛት ሴት ከፎገራ በቃሬዛ መምጣቷን ብቻ ነገረችኝ።

«ዛሬም እኔው ነኛ» አለችና ነጠላዋን አጥብቃ ታጥቃ ገባች።