መቲን ሦስተኛ ያደረግሁበት ደብዳቤ

ጋምቤላ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የአውሮፕላን ትኬት እቆርጣለሁ፤ ለጠየቀኝም የጉዞ ዕቅድ አወጣለሁ። ደንበኞቼ በብዛት ለስብሰባ፣ ለሕክምና ወይም ለለቅሶ የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነርስ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር፣ ልጆቻቸው ወጪውን ችለውላቸው፣ «እስቲ አንዴ እንኳ እንረፍ» ብለው ሲመጡ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የት መሄድ እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው ግን እርስ በርስ ተያዩና «አንተው አማራጮቹን በደብዳቤ ጻፍልን» አሉኝ። በማግስቱ መምህሩ ለብቻቸው መጡ።

«እሷ ውሃ ዳር መቀመጥ ትወዳለች። ሐዋሳ ይሻላል ብለህ ጻፍ። እኔ ነገርኩህ እንዳትል።»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባለቤታቸው ብቅ አሉ። «ረጅም የመኪና መንገድ ወገቡን ይጎዳል። አውሮፕላን ጥሩ ነው። ሐዋሳ በለው። እኔ አላልኩም፣ እሺ ልጄ?»

«እርስዎስ የት ደስ ይልዎታል?» አልኳቸው።

«እሱ ደስ ያለው ቦታ» አሉና ወጡ።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። አንደኛ ሐዋሳ፤ በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል፣ ደረጃ የማያስወጣ ክፍል። ሁለተኛ ቢሾፍቱ፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ቅርብ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ሰው ይበዛበታል። ሦስተኛ መቲ፤ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ፣ ጫካና ቡና፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ግን ረጅም የመኪና መንገድ፣ ተራ ማረፊያ፣ ዝናብ ከጣለ የማያስተማምን ጉዞ። በመጨረሻም «የምመክራችሁ ሐዋሳን ነው» ብዬ ምክንያቴን አስቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር መቲን ያስገባሁት ምርጫው ሦስት እንዲሞላ ነው።

ሄደው ሲመለሱ እንዴት እንደነበር ጠየቅሁ። ሴትየዋ ሳቁ። «ሐዋሳ ቆንጆ ነው። ዓሣ በላን። ግን እዚያ ቁጭ ብለን የመቲን ወሬ ብቻ አወራን።»

ለካ መምህሩ ሥራ የጀመሩት መቲ ነው፤ የተጋቡትም እዚያው። ደብዳቤዬ ሲደርሳቸው የሁለቱም ዓይን ሦስተኛዋ ላይ ነበር የቀረው። መምህሩ የሐይቁን ደስታ እንዳይነፍጓቸው፣ ባለቤታቸው ደግሞ ወገባቸውን እንዳይጎዱባቸው ብለው ዝም ተባባሉ። መተሳሰብ እንዲህም ያስቀራል! በጣም ቆጨኝ።

«ክረምቱ ይውጣ እንጂ ራሴ ይዣችሁ እሄዳለሁ» አልኳቸው።

ክረምቱ ሲወጣ የመምህሩ ዓይን ጠፍቶ ነበር። የዓይን ግፊት ነው ተባለ፤ ዘግይቶ ነው የታወቀው። ቢሆንም እንሂድ አሉ፤ ሄድን።

መቲ ስንደርስ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው በድሮው ትምህርት ቤት ግቢ ያዞሯቸው ጀመር። ጣራው አዲስ መሆኑን፣ አጥሩ መታደሱን ሁሉ ይነግሯቸዋል።

«ሠርጋችን የተበላበት ዛፍስ?» አሉ መምህሩ።

«አለ። በጣም ትልቅ ሆኗል።»

«ውሰጂኝና ልንካው።»

«ሣሩ እሾህ አለው። እዚሁ ሆነን እንየው።»

መምህሩ እሺ አሉና ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ፈገግ እንዳሉ ቆሙ። ሴትየዋ ዘወር ብለው አዩኝ፤ አደራ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ፊት ለፊታችን የነበረው ጉቶ ብቻ ነው።