ለልብ ማረፊያ የወጣ ሰዓት

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ሞተሩ» ይለዋል። ስለ ተራራ ሩጫ ማውራት ከጀመረ ደንበኛው ግማሽ ፀጉሩን ይዞ ይጠብቃል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ በሚፈጀው ውድድር ደረቅ ካልሲና ስንቅ ይዛ፣ ከአንዱ የሯጮች እርዳታ ጣቢያ ወደ ሌላው በመኪና እየቀደመች የምትጠብቀው እሷ ናት።

በየጣቢያው የሚደርስበትን ሰዓት ያወጣ የነበረው ግን እሱ ነው። የጠዋቱን ፍጥነት ይዞ እስከ መጨረሻው ያባዛዋል፤ እግር የማይደክም ይመስል! እሷም ባለው ሰዓት ሳይደርስ እየቀረ፣ መንገድ መንገዱን ታያለች። ዘንድሮ መረራት። የቀድሞ ውድድሮቹን ስታገላብጥ ከአራት ሰዓት ሩጫ በኋላ እየቆየ በሄደ ቁጥር እንደሚያዘግም አየች። ድካሙን፣ ዳገቱንና በየጣቢያው የሚቀመጥባትን ጊዜ ደምራ የራሷን ሰዓት ወረቀት ላይ አወጣች።

«ሽማግሌ አደረግሽኝ እኮ!» አላት ወረቀቱን አይቶ።

«አንድ ቀን እንኳ ልቤ ይረፍ።»

ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ካሰበችው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። ቁጭ በል ብትለው አልሰማም፤ ውሃውን ከእጇ ነጥቆ ሄደ። አራተኛው ጣቢያ የትምህርት ቤት ክፍል ነበር። ካልሲውን ዴስክ ላይ ዘርግታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋግታ ተቀመጠች።

ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደነገጠች። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የወጣ ሰው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነበረበት። ወረቀቱ «ገና ነው» ይላል እንጂ ሰውየው ከዘገየ ቆይቷል።

«በራስሽ ወረቀት እኮ ጊዜው አልደረሰም» አላት የጣቢያው ኃላፊ። «መጀመሪያ ላይ ስለከነፈ አሁን አቅም አጥቶ ይሆናል።»

እውነቱን ሊሆን ይችላል። ያስፈራትም ይኸው ነው፤ የደከመና የወደቀ ሰው እኩል ይዘገያሉ።

«ወረቀቱን ተወው የኔ ወንድም! ከሦስተኛው ጣቢያ ከወጣበት ቁጠርልኝ። ደክሞት ከሆነ ሰው ይሳቅብኝ።»

ኃላፊው ቆጠረ፤ ለመንገዱ ከተያዘለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል አልፏል። ፊቱ ተለወጠና ሬዲዮውን አነሳ።

ፈላጊዎቹ ከመንገዱ በታች ገደል ውስጥ አገኙት። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ፣ ብርድ አንቀጥቅጦት በቃሬዛ አመጡት። ፊቱን ስታይ እንባዋ መጣ።

«ቁልቁለት ላይ ምን አስሮጠህ? ማን አባረረህ?»

«ያንቺ ሰዓት ነዋ» አላት ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ሽማግሌ እንዳልሆንኩ ላሳይሽ ብዬ።»

እንዳልጨነቅ ብዬ እኮ ነው ያወጣሁት ልትለው አስባ ጎንበስ አለች። ደረቁን ካልሲ ለደህናው እግሩ አጠለቀችለት፤ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ቀረች።