የሀፍሷ ጀሪካኖች

መርካቶ ሰባተኛ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ከድንኳኑ በፊት የሚደርሰው የሀፍሷ ውሃ ነው። ሙስሊም ሞተ ክርስቲያን፣ አትጠይቅም። ከሱቋ ደጃፍ የማይሸጡትን ጀሪካኖች ታነሳና ሞልታ ትልካለች፤ ቢከፍሏትም አትቀበልም። ያገለገለ ጀሪካን እያጠበች የምትሸጥ፣ አንድ ብር ቀንሺ ሲሏት ፊቷን የምትከሰክስ ሴት ናት። ለጀናዛ፣ ለሬሳ ማጠቢያ ውሃ ሲሆን ግን እጇ ይፈታል። ምክንያቱ ሽኩር ነው።

ሽኩር ባሏ ነበር። መልካም ሰው ነበር፣ አላህ ይማረውና፤ ግን ዕቃ ሲያይ ልቡን የሚስት የመርካቶ ልጅ ነበር። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ በሰማንያ ሦስት ሰኔ ላይ፣ የዘይት ጀሪካን ርካሽ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ሚስቱን አስከትሎ ሚኤሶ ወረደ። ሃያ ያህል ገዝቶ ሲያበቃ ባቡሩ ቆመ። የጭነት መኪናም ሽፍታ ፈርቶ አልንቀሳቀስም አለ። አዲስ አበባ ደግሞ የምትጠባ ልጅ ለጎረቤት ትተው ነው የመጡት። የሀፍሷ ጡት በወተት ተወጥሮ ሌሊቱን ሲያቃጥላት አደረ። እስከ አዋሽ በእግራችን እንሂድ፣ ከዚያ መኪና አይጠፋም ተባባሉ።

የጣቢያው ዘበኛ ጋሼ ኃይለመለኮት ለመንገድ ሲሰናዱ አይቷቸው ጠራቸው።

«ስሙኝ ልጆቼ። ሁለታችሁም አንዳንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ያዙ። ሳይነጋ ተነሱ፣ ፀሐይ ስትበረታ ሰው ካለበት ዕረፉ። ከአሰቦት ወዲህ ሰፈር የለም። ድልድይ ሥር እንዳትገቡ! ሽሽት ላይ ያለ ወታደር ሁሉ እዚያ ነው የሚያደፍጠው።»

«እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ እንዳሉን እናደርጋለን» አለች ሀፍሷ።

ሽኩር ግን አንዲት ትንሿን ብቻ ሞላ። ሌሎቹን ባዶ እንደሆኑ በገመድ ጠፍሮ ጀርባው ላይ ጫናቸው።

«ሁለት ትልልቆቹን እንሙላ እንጂ ሰውዬ!»

«ውሃ ይከብዳል ሀፍሷዬ። ውሃ ተሸክሜ ዕቃዬን ልጣል? አሰቦት ስንደርስ እንጠጣለን።»

ሃያ ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ የሚጠማ ሰው ሽኩርን ብቻ አየሁ፣ ትላለች እስከ ዛሬ፣ እያለቀሰች።

ረፋዱ ላይ አስፋልቱ ከሥር፣ ፀሐይዋ ከላይ ያዟቸው። ትንሿ ጀሪካን ጉንጭ ሙሉ ብቻ ቀረባት። የሽኩር ከንፈር ተሰነጠቀ፤ እግሩም ይንገዳገድ ጀመር። ዙሪያውን ያለው እሾህ ጥላ እንኳ የለው። ፊት ለፊት ድልድዩ ታየ። ሀፍሷ ክንዱን ያዘችው፤ ጋሼ ኃይለመለኮት ምን አሉን አለችው። ሽኩር አልሰማትም። ውሃ ኖሮት ቢሆን አሰቦት ድረስ ይገፋ ነበር፤ ጥማት ግን ምክር አይሰማም። ወረደ።

ሦስት ወታደሮች ከጥላው ውስጥ ተነሱ። ዓይናቸው ደም ለብሷል። አንደኛው ጠመንጃውን ደቀነ።

«ውሃውን አውርድ!»

«ባዶ ነው ወንድሜ፣ ወላሂ ባዶ ነው! የንግድ ዕቃ ነው።»

«ሃያ ባዶ ጀሪካን ተሸክሞ በረሃ የሚያቋርጥ ሰው አለ? ሌባ!»

በሰደፍ አፉን መታው። ጥርሱ ደም ተቀላቅሎ አሸዋው ላይ ወደቀ። እንዲያም ሆኖ የጀሪካኖቹን ገመድ ጨብጦ አልለቅም አለ፤ የነጋዴ እጅ ሆነና። ሀፍሷ ጮኻ ስትሮጥ ሌላው ሆዷን በጫማው ረገጣት። ተኩሱን የሰማችው መሬት ላይ ሆና ነው። ሁለት ጊዜ ተተኮሰ። ሽኩር በጀሪካኖቹ ላይ ተደፋ።

ከሬሳው ሥር እየጎተቱ አንድ በአንድ ከፈቷቸው። አገላበጧቸው፣ ወደ አፋቸው ደፉ፣ አንድ ጠብታ አጡ። የተኮሰው ወታደር የመጨረሻውን ከፍቶ ውስጡን አየ። «እውነቱን ነበር» አለ በቀስታ። ጓደኛው ሰደበው። በትንሿ ጀሪካን የቀረችውን ጉንጭ ሙሉ ተናጥቀው ጨለጡና ወደ ቁጥቋጦው ገቡ።

ሀፍሷ ባሏን አቅፋ ተቀመጠች። ከኋላቸው ይመጡ የነበሩ ሁለት መንገደኞች ደርሰው ዱላቸውን አፈራርቀው ጉድጓድ ቆፈሩ። ለማጠቢያ ግን ውሃ አልነበራቸውም፤ የነበረቻቸውን ጥቂት ለሷ አጠጧት። ልጅሽን አስቢ፣ ጠጪ ብለው አስገደዷት። ጠጣች። ያንን ውሃ እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ ለሽኩር ፊት የሚበቃ ነበር።

ከዚያ ውሃ ለታጣለት ሬሳ እንደሚደረገው ሁለት እጇን አፈሩ ላይ መታች። የሽኩርን ፊት አበሰች። ደግማ መታችና እጆቹን፣ ገመድ ሲጨብጡ የነበሩትን እጆች፣ አበሰች። ዙሪያዋ ሃያ ቢጫ ጀሪካን አፉን ከፍቶ ተጋድሟል።