በባዘዘው መዳፍ የቀረው እሾህ

ባዘዘው በሮብ ገበያ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነበር። የበረቱን አጥር ሲያጥር ፍግ የነካው እሾህ መዳፉ ውስጥ ጠልቆ ገባ። ሚስቱ ማሬ እጁን በውኃና በሳሙና አጠበችው። ወረንጦውን በእሳት ለብልባ ካቀዘቀዘች በኋላ ብቅ ያለውን ጫፍ ይዛ ሳበች። እሾሁ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀረ።

የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወንጌላዊት መዳፉን አየችና፣ “ከዚህ በላይ እንዳትቆፍሩት። ጤና ጣቢያ ይሂዱና ያውጡልዎ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም ይወጉ” አለችው።

“ስንዴው አውድማ ላይ ነው፤ ወቅቼ ላስገባና እሄዳለሁ” አላት።

ቁስሉ ከላይ ገጠመ፣ ሕመሙም ቀለል አለው፤ መሄዱንም ተወው። ከሳምንት በኋላ ግን ሊጎርስ ሲል አፉ አልከፈት አለው። አንገቱ ደረቀ፤ ጀርባው እንደ ቀስት ተለመጠ።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሲያደርሱት ሐኪሙ ማሬን ለብቻዋ ጠርቶ፣ “መርፌው ያኔ ቢሆን ይከላከልለት ነበር። አሁን መርዙ ነርቩን ይዞታል። የምንችለውን እናደርጋለን፤ ተስፋው ግን የመነመነ ነው” አላት።

ድምፅና ብርሃን ስለሚያንፈራግጠው ክፍሉን አጨለሙት። ማሬ ልትነግረው የምትፈልገው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ስሙን እንኳ ስትጠራው ሰውነቱ ይገታተር ነበር። ስለዚህ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ዝም ብላ ታየው ጀመር።